የወሩ ምርጥና ደካማ ፖስት፦ ደረጃው እንዴት ይወጣል? ምክንያቱስ ከየት ይመጣል?

የማኅበራዊ ሚዲያ ፔጅ የሚያስተዳድር ሰው ወር ባለቀ ቁጥር ሪፖርት ይሠራል። በሪፖርቱ ውስጥ ሁሉም ሰው ቀድሞ የሚከፍተው አንድ ገጽ አለ። ከላይ የወሩ ምርጥ 3 ፖስቶች፣ ከታች ደካማዎቹ 3፣ ከየአንዳንዳቸው ጎን ደግሞ "ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም" የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር። ዛሬ ይህን ገጽ በራሱ የሚሞላ ሲስተም መሥራት ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር ገጹ እውነት እንዲናገር ማድረግ ነው።

ቀላሉ መንገድ ፖስቶቹን በላይክ ብዛት ደርድሮ ከላይ 3፣ ከታች 3 መቁረጥ ነው። ብዙ ሪፖርት የሚሠራው እንዲህ ነው። ውጤቱ ግን በየወሩ ያው ነው፤ ቪዲዮዎች ላይ፣ ሊንኮች ታች፣ በወሩ መጨረሻ የወጡት ደግሞ ሁልጊዜ ተሸናፊ። ይህ ስለ ፖስቶቹ ጥራት የሚነግረን ነገር የለም። የሚነግረን ማን ቀድሞ እንደወጣና ምን ዓይነት ፖስት እንደሆነ ብቻ ነው።

ከዕድሜ እንጀምር። በወሩ 2ኛ ቀን የወጣ ፖስት ሪፖርቱ እስኪሠራ ድረስ አራት ሳምንት ገደማ ላይክና ሼር ሲሰበስብ ቆይቷል። በ29ኛው ቀን የወጣው ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ሁለቱን ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። መፍትሔው ሁሉንም በእኩል ዕድሜ መለካት ነው። ለምሳሌ እያንዳንዱ ፖስት በወጣ በ7ኛው ቀን ያለው ቁጥር ይወሰዳል። 7 ቀን ያልሞላው በዚህ ወር አይዳኝም፤ ለሚቀጥለው ወር ሪፖርት ይተላለፋል።

ነገሩ ቀላል ቢመስልም አንድ ወጥመድ አለው። ፕላትፎርሞቹ ስለ አንድ ፖስት የሚሰጡት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ እስከ ዛሬ የተጠራቀመውን ነው። "በ7ኛው ቀን ስንት ነበር?" ብላችሁ ወደኋላ ብትጠይቁ መልሱን ላታገኙት ትችላላችሁ። ስለዚህ ሲስተሙ በየቀኑ ቁጥሮቹን እየወሰደ ከቀኑ ጋር ማስቀመጥ አለበት። ይህን ካልጀመራችሁ ያለፈውን ወር በትክክል መደርደር አትችሉም። አንድ ሥራ ብቻ ዛሬ ጀምሩ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የአካፋዩ ጉዳይ ነው። የምላሽ ብዛት፣ ማለትም ላይክ፣ ኮመንት፣ ሼርና ሴቭ ተደምሮ፣ ብቻውን አይበቃም። ፖስቱ ለስንት ሰው እንደደረሰ መታወቅ አለበት። ምላሹን ለደረሰው ሰው ስናካፍል የምላሽ መጠን እናገኛለን። ለየትኛው ቁጥር እንደምናካፍል መጠንቀቅ ደግሞ የግድ ነው። ፌስቡክ ራሱ በ2016 ቪዲዮዎች በአማካይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚታዩ ሲያሳይ የነበረው ቁጥር ከእውነቱ በላይ እንደነበር ይፋ አድርጓል። ጥፋቱ አካፋዩ ላይ ነበር። ከ3 ሰከንድ በታች ያዩት ሰዎች ከስሌቱ ስለወጡ አማካዩ ያለአግባብ አበጠ።

እንግዲህ አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ስለ ጤና መረጃ የሚሰጥ አንድ ፔጅ አለ እንበል። በዚህ ወር ደረጃ የሚወጣላቸው 25 ፖስቶች አሉት። 16ቱ ፎቶ፣ 9ኙ ቪዲዮ ናቸው። ከፎቶዎቹ አንዱ ለ120 ሰው ደርሶ 18 ምላሽ አግኝቷል። መጠኑ 15 በመቶ ነው። ሌላው ፎቶ ለ9,000 ሰው ደርሶ 630 ምላሽ አግኝቷል። ይህ ደግሞ 7 በመቶ ነው። በመጠን ከደረደርን የመጀመሪያው በእጥፍ ይበልጣል። ግን 120 ሰው ምንድን ነው? ምናልባት የፔጁ ሠራተኞችና ጓደኞቻቸው ናቸው። አሥር ሰው ባይነካው ኖሮ መጠኑ ከ7 በመቶ በታች ይወርድ ነበር።

ብዙዎች ይህን የሚፈቱት "ከ500 ሰው በታች የደረሰ ይውጣ" በማለት ነው። ይሠራል፤ ግን 499ን ጥሎ 501ን ማንገሥ ደስ አይልም። የተሻለው ዘዴ ለእያንዳንዱ ፖስት እንደ መነሻ የሚያገለግል የተለመደ ውጤት መደመር ነው። የዚህ ፔጅ ፎቶዎች የተለመደ መጠን 4 በመቶ ነው እንበል። ለሁሉም ፎቶ 500 የሐሳብ ሰዎች እንጨምራለን፤ እነሱም እንደተለመደው 4 በመቶ፣ ማለትም 20 ምላሽ እንደሰጡ እንቆጥራለን። የመጀመሪያው ፎቶ 38 ምላሽ ከ620 ሰው ይሆናል፤ 6.1 በመቶ። ሁለተኛው 650 ከ9,500፤ 6.8 በመቶ። ትልቁ ፖስት ብዙም አልተነካም። ትንሹ ግን ወደ ተለመደው ተጎተተ። ትንሽ ማስረጃ ያለው ትንሽ ይታመናል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

500 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። ለፔጁ ፎቶ በተለምዶ ከሚደርሰው ሰው ሩብ ያህሉን መነሻ አድርጎ መሞከር ይቻላል። ካነሰ ዝርዝሩ አናት ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ያያቸው ፖስቶች ሲፈራረቁ ታያላችሁ። ከበዛ ደግሞ ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይጎተትና ልዩነት ይጠፋል።

አሁን ፎቶና ቪዲዮ እንዴት በአንድ ዝርዝር ይቀመጣሉ? ቪዲዮ ብዙ ሰው ጋ ይደርሳል፤ ከሚያዩት ውስጥ ምላሽ የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። የዚህ ፔጅ ቪዲዮዎች የተለመደ መጠን 2.5 በመቶ ነው እንበል። እንግዲህ እያንዳንዱን ፖስት ከራሱ ዓይነት የተለመደ ውጤት ጋር እናወዳድረዋለን። 6.8 በመቶ ያገኘው ፎቶ ለ4 ሲካፈል 1.7 ይሆናል። ከሚጠበቅበት 1.7 እጥፍ ሠርቷል ማለት ነው። 3.75 በመቶ ያገኘ ቪዲዮ ደግሞ 1.5 ያገኛል። ስለዚህ ይህ ቪዲዮ 4.4 በመቶ ካገኘ ሌላ ፎቶ ይበልጣል፤ የፎቶው ውጤት 1.1 ብቻ ነውና። ሁሉም በአንድ መስመር ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```
score = ((interactions + k * base) / (reach + k)) / base
```

እዚህ `base` ማለት የዚያ ዓይነት ፖስት የተለመደ መጠን ነው፤ `k` ደግሞ የጨመርናቸው የሐሳብ ሰዎች። ውጤቱ 1 ከሆነ እንደተለመደው ነው። ከ1 በላይ ጥሩ፣ በታች ደካማ።

"የተለመደ" ስንል አማካይ ማለታችን አይደለም። ያለፉት ሦስት ወራት ፖስቶች ከትንሽ ወደ ትልቅ ተደርድረው መሃል ላይ ያለው ይወሰዳል። አማካይ ከወሰድን አንድ ድንገት የፈነዳ ቪዲዮ ቁጥሩን ይሰቅለዋል፤ ከዚያ ሌሎቹ ቪዲዮዎች በሙሉ ደካማ መስለው ይታያሉ። መሃለኛው ቁጥር እንዲህ ያለ ፍንዳታ አያናውጠውም። ቡስት የተደረጉ ፖስቶች ደግሞ እዚህ ስሌት ውስጥ መግባት የለባቸውም። በገንዘብ የመጣ ሰውና በራሱ የመጣ ሰው አንድ ዓይነት ምላሽ አይሰጡም። ከተቻለ የተከፈለበት ቁጥር ይለይ፤ ካልተቻለ ፖስቱ ለብቻው ይቀመጥ።

ደካማዎቹን መምረጥ ከምርጦቹ ይከብዳል። ብዙ ሲስተም የሚሳሳተውም እዚህ ነው። በዚያው ፔጅ ስለ ኩላሊትና ውኃ የተሠራ ቪዲዮ ለ41,000 ሰው ደረሰ እንበል። የፔጁ ቪዲዮ በተለምዶ የሚደርሰው ለ6,000 ነው። ምላሹ 615 ሆነ፤ መጠኑ 1.5 በመቶ። በቀመራችን 0.6 ብቻ ያገኛል፤ ከታች ሁለተኛ። ሪፖርቱ "የወሩ ደካማ ፖስት" ይለዋል። የሠራው ልጅ ይህን ሲያይ ቢናደድ አይፈረድበትም። በወሩ ብዙ ሰው ያየው እሱ ነውና።

ምን ሆነ? ቪዲዮው ከተከታዮች አልፎ ለማያውቁት ሰዎች ደረሰ። እንግዳ ሰው አይቶ ያልፋል፤ ላይክ የማድረግ ልማዱ ከተከታይ ያነሰ ነው። ስለዚህ አካፋዩ አደገ፣ መጠኑ ወረደ። ይህ ውድቀት አይደለም። መድኃኒቱ አንድ ፖስት ደካማ እንዲባል ሁለት ነገር ላይ አብሮ መውደቅ አለበት ማለት ነው። የምላሽ ውጤቱም፣ የደረሰው ሰው ብዛትም ከተለመደው በታች መሆን አለባቸው። አንዱ ብቻ ከወደቀ ደካማ ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ እንደዚህ ቪዲዮ ያለው "ብዙ ሰው አይቶት ጥቂት የነካው" ተብሎ ለብቻው ይጠቀስ።

ከደረጃው ጭራሹን መውጣት ያለባቸውም አሉ። የሐዘን መግለጫ፣ የአገልግሎት መቋረጥ ማስታወቂያ፣ የስብሰባ ቀን ለውጥ። እነዚህ ላይክ ለማግኘት አልወጡም። አንድ የሐዘን መግለጫ በ"ደካማ ፖስት" ስም ለአለቃ ሲቀርብ ሪፖርቱን ማን በቁም ነገር ያነበዋል? ፖስቱ ሲወጣ "ለደረጃ አይደለም" የሚል ምልክት ማድረግ የአንድ ሰከንድ ሥራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ምክንያቱ እንለፍ። ሦስተኛው ፖስት 1.31፣ አራተኛው 1.29 ካላቸው በመካከላቸው ልዩነት የለም። አንዱን ሸልሞ ሌላውን መርሳት ዕጣ እንደ ማውጣት ነው። ሪፖርቱ ውጤቱንም ያሳይ፤ ተራ ቁጥር ብቻ አይበቃም።

ምክንያት ሲባል ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በመዝገብ የሚታይ ነው። ፖስቱ ቡስት ተደርጎ ነበር? ብዙ ተከታይ ያለው ሌላ ፔጅ ሼር አድርጎታል? ከእሱ በፊት ሌላ ፖስት በሃያ ደቂቃ ልዩነት ወጥቶ ነበር? ሊንኩ ተሰብሮ ነበር? ቪዲዮው በሙዚቃ የባለቤትነት መብት ታግዶ ነበር? እነዚህ ግምት አይፈልጉም፤ ይፈተሻሉ። ሲስተሙ ሁልጊዜ ከነዚህ ይጀምር። ደካማ ፖስት ሊንኩ የማይሠራ ሆኖ ከተገኘ ስለ ርዕሱ አጻጻፍ መፈላሰፍ አያስፈልግም።

እዚሁ ላይ የሚፈተሽ አንድ ሌላ ነገር አለ። ሁሉም ፖስት አብሮ ወርዷል ወይ? ፌስቡክ በጥር 2018 የጓደኛና የቤተሰብ ፖስቶችን ከፔጆች በላይ እንደሚያስቀድም ሲያሳውቅ፣ ለውጡ የሚነካው አንድን ፖስት ሳይሆን ፔጆችን በጅምላ ነበር። እንዲህ ባለ ወር የወሩ መሃለኛ ቁጥር ከቀደሙት ወራት ጋር ሲተያይ ወርዶ ይገኛል። ከሆነ ምክንያቱን በእያንዳንዱ ደካማ ፖስት ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ሁለተኛው ዓይነት በማወዳደር የሚገመተው ነው። ሲስተሙ ለእያንዳንዱ ፖስት ጥቂት ባሕርያት ይመዘግባል፤ ሰዓቱን፣ ቀኑን፣ ርዕሰ ጉዳዩን፣ የጽሑፉን ርዝመት፣ በጥያቄ መጀመሩን። ከዚያ ባሕርዩ ያላቸውንና የሌላቸውን ያወዳድራል። እዚህ የአንድ ወር ፖስት አይበቃም። የሦስት ወር ይያዝ፤ በሁለቱም ወገን ደግሞ ቢያንስ አምስት ፖስት ይኑር።

የጤናው ፔጅ በሦስት ወር 75 ፖስት አለው። ከመካከላቸው 18ቱ ማታ የወጡ ናቸው፤ መሃለኛ ውጤታቸው 1.4 ነው። በሌላ ሰዓት የወጡት 57ቱ 0.95 አላቸው። ልዩነቱ ዓይን ይስባል። ሲስተሙ ወዲያው "ማታ መለጠፍ ውጤት ይጨምራል" ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ አለቃውም ከነገ ጀምሮ ሁሉም ማታ ይውጣ ይላል።

ቆይ ግን። ማታ ከወጡት 18 ውስጥ 13ቱ ስለ ሕፃናት አመጋገብና ክትባት ናቸው። የፔጁ ሰዎች እናቶችና አባቶች ማታ ይመቻቸዋል ብለው ሆን ብለው ያደረጉት ነው። ታዲያ ውጤቱን ያመጣው ሰዓቱ ነው ወይስ ሕፃናቱ? ለማወቅ በአንድ ርዕስ ውስጥ ሰዓትን እናወዳድር። ስለ ሕፃናት ሆነው በሌላ ሰዓት የወጡ 9 ፖስቶች አሉ፤ መሃለኛ ውጤታቸው 1.35። ስለ ሌላ ጉዳይ ሆነው ማታ የወጡት 5 ፖስቶች ደግሞ 0.9 ብቻ። ሰዓቱ ቢቀየርም ሕፃናት ጥሩ ይሠራሉ። ሕፃናት ሲወጡ ማታው ባዶውን ይቀራል። ጉልበቱ ያለው ርዕሱ ላይ ይመስላል።

ይህ ዓይነቱ መደራረብ ልዩ አጋጣሚ አይደለም፤ ሰው ፖስት የሚያወጣው በዘፈቀደ ስላልሆነ ሁሌም አለ። ስለዚህ ሲስተሙ አንድን ባሕርይ እንደ ምክንያት ከመጥቀሱ በፊት "አብሮት የሚሄድ ሌላ ባሕርይ አለ?" ብሎ መፈተሽ አለበት። ካለና መለየት ካልተቻለ ሁለቱንም ይጥቀስ።

ሌላው አደጋ የብዛት ነው። ሲስተሙ 20 ባሕርያትን ቢፈትሽና እያንዳንዱ በአጋጣሚ ብቻ ጉልህ መስሎ የመታየት ዕድሉ 5 በመቶ ቢሆን፣ ከሃያዎቹ ቢያንስ አንዱ በሐሰት የመውጣት ዕድሉ 64 በመቶ ገደማ ነው፤ ባሕርያቱ አንዱ ከሌላው ነጻ ናቸው ካልን። በሌላ አነጋገር ምንም ምክንያት በሌለበት ወር እንኳ ሲስተሙ አንድ "ምክንያት" ይዞ ይመጣል። የማጣሪያው ዘዴ ደስ የሚል ነው። የ"ማታ" ምልክቱን ከፖስቶቹ ላይ ነቅሎ በዘፈቀደ መልሶ መለጠፍ፤ ይህን ሺህ ጊዜ ደጋግሞ የሚገኘውን ልዩነት ማየት። በዘፈቀደም ያው ያህል ልዩነት ደጋግሞ ከመጣ፣ ያያችሁት ነገር አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። የሚፈተሹትን ባሕርያት ወደ ስድስት ሰባት መቀነስም ይረዳል።

አጋጣሚ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለሚጠራጠር፣ ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስ እና ደንከን ዋትስ በ2006 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ከ14,000 በላይ ሰዎች የማይታወቁ 48 ዘፈኖችን በኢንተርኔት አዳመጡ። ሰዎቹ እርስ በርስ በማይተያዩ ቡድኖች ተከፋፍለው ነበር፤ በየቡድኑ ውስጥ ግን ሌሎች ምን እንዳወረዱ ይታያቸው ነበር። ያው ዘፈን በአንዱ ቡድን ከላይ፣ በሌላው ከታች ሊሆን ቻለ። በጣም ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፤ በጣም ደካማዎቹም እምብዛም አልነገሡም። በመሃል ያሉት ግን የትም ሊደርሱ ይችሉ ነበር። ፖስትም እንዲሁ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሼሮች ከየት እንደመጡ ብዙ ነገር ይወስናል።

በዚህ ምክንያት ሲስተሙ "ግልጽ ምክንያት አልተገኘም" ብሎ መጻፍ መቻል አለበት። አሁን አሁን ይህችን ዓረፍተ ነገር ጽሑፍ በሚያመነጭ ሞዴል ማስጻፍ ተለምዷል። ሞዴሉን ፖስቱን አሳይቶ "ለምን ጥሩ ሠራ?" ማለት አደገኛ ነው። ለምን ከተባለ ሁልጊዜ መልስ ያመጣል፤ መልሱም ያምራል። ያንኑ ፖስት "ለምን ወደቀ?" ብትሉትም ያንኑ ያህል የሚያምር መልስ ታገኛላችሁ። ሞክሩት። ስለዚህ ምክንያቱን ስሌቱ ይምረጥ፤ ሞዴሉ የተሰጠውን ቁጥር ወደ ዓረፍተ ነገር ይቀይር እንጂ የራሱን አይጨምር።

ለጤናው ፔጅ የሚጻፈው ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦ "ይህ ፖስት ከተለመደው 1.7 እጥፍ ሠርቷል። ሊሆን የሚችል ምክንያት፦ ርዕሱ የሕፃናት ጤና ነው። በሦስት ወር ውስጥ ስለ ሕፃናት የወጡ 22 ፖስቶች በየትኛውም ሰዓት ከሌሎቹ የተሻለ ሠርተዋል። ማታ መውጣቱም ረድቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ሌላ ጉዳይ ማታ የወጡት ግን 5 ብቻ ስለሆኑ መለየት አልተቻለም።" ረዘም ይላል። ግን አንባቢው ምን ያህል እንደሚያምነው ራሱ መመዘን ይችላል።

ያልተለየው ነገር ደግሞ ለሚቀጥለው ወር ሥራ ይሆናል። ስለ ሕፃናት ያልሆኑ ስድስት ፖስቶች ይመረጡና ሦስቱ ማታ፣ ሦስቱ ጠዋት ይውጡ፤ የትኛው መቼ እንደሚወጣ በዕጣ ይወሰን። ስድስት ፖስት ብቻውን ጉዳዩን አይዘጋውም፤ ሁለት ሦስት ወር ከተደጋገመ ግን ቁጥሩ መናገር ይጀምራል። ያኔ ሪፖርቱ ስለ ማታ የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር ወይ ይጠነክራል፣ ወይ ይሰረዛል።